የቀድሞ አከራይ ምስክርነት፦ አዲስ ቤት ከመጠየቅ በፊት እንዴት ይገኛል?

በመተማ ዮሐንስ፣ በኮኪት ወይም በገንዳ ውኃ ቤት ለመከራየት የሚሄድ ሰው በደላላ በኩል አከራዩ ዘንድ ሲደርስ ከዋጋው ቀጥሎ የሚቀርብለት ጥያቄ "ከዚህ በፊት የት ነበርክ?" የሚል ነው። አጭር ጥያቄ ቢመስልም አከራዩ በዚያ ውስጥ ብዙ ነገር እየጠየቀ ነው። ኪራይ በወቅቱ ይከፍላል ወይ? ከግቢው ሰው ጋር ይስማማል ወይ? ሲወጣ ቤቱን እንዴት ትቶ ወጣ? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እርሱም የቀድሞው አከራይ ነው።

የቀበሌ መታወቂያ የያዡን ማንነትና አድራሻ ያሳያል። ከአንድ ቀበሌ ወደ ሌላ ሲዛወሩ የሚሰጠው መሸኛ ነዋሪው ከየት እንደመጣ ያረጋግጣል። የፋይዳ መታወቂያም ሰውየው ራሱ መሆኑን ይመሰክራል። ከሦስቱ አንዱም ግን ሰውየው ተከራይ ሆኖ እንዴት እንደኖረ አይናገርም። ይህን ክፍተት የሚሞላው የቀድሞ አከራይ ምስክርነት ነው። በእንግሊዝና በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን አዲስ ቤት ሲያመለክቱ የቀድሞ አከራያቸው ስምና ስልክ፣ አንዳንዴም የጽሑፍ ምስክርነት ይጠየቃሉ። በእኛ አካባቢ ነገሩ በአብዛኛው በቃል የሚያልቅ ነው፤ ደላላው ወይም አንድ የሚያውቀው ሰው "ደኅና ሰው ነው" ይላል፤ በዚያው ይዘጋል። ይሁን እንጂ ተከራይና አከራይ በማይተዋወቁበት፣ ሠራተኛና ነጋዴ በወቅት እየመጣ በሚሄድበት የቆላ ከተማ የቃል ምስክርነት ብቻውን ብዙ አያስኬድም።

ምስክር መሆን ዋስ መሆን አይደለም

ብዙ አከራዮች ስለ ቀድሞ ተከራያቸው ጻፉ ሲባሉ የሚያመነቱት ተከራዩን ስለጠሉት አይደለም። "ነገ ሳይከፍል ቢቀር እኔ ልጠየቅ ነው?" የሚል ስጋት ስላላቸው ነው። ስጋቱ መነሻ አለው፤ በእኛ ልማድ አከራይ "ተያዥ አምጣ" ሲል ዋስ ማለቱ ነው። ዋስ ደግሞ ተበዳሪው ሳይከፍል ሲቀር የሚከፍል ሰው ነው።

ምስክርነት ግን ከዋስትና የተለየ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ዋስትና በግልጽ ቃል ካልተሰጠ እንደማይገመት፣ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠንም በውሉ ካልተጻፈ ዋስትናው እንደማይጸና ይደነግጋል። ስለዚህ አንድ አከራይ "እገሌ በቤቴ ይህን ያህል ጊዜ ኖሯል፤ ኪራዩን ከፍሏል" ብሎ ያየውን ቢጽፍ ወደፊት ለሚመጣው ዕዳ ዋስ አይሆንም። አደጋው ያለው "ለሚደርሰው ሁሉ ኃላፊነቱን እወስዳለሁ" የሚል ዓረፍተ ነገር በደብዳቤው ሲገባ ነው። ያ ቃል ከምስክርነት አልፎ ወደ ዋስትና ስለሚያመራ ቢያንስ ለክርክር በር ይከፍታል። ተከራዩ ደብዳቤውን ሲጠይቅ ይህን ልዩነት አስቀድሞ ቢያስረዳ፣ በደብዳቤው መጨረሻም "ይህ ጽሑፍ ዋስትና አይደለም" የሚል አንድ መሥመር ቢጨመር የአብዛኛው አከራይ ስጋት ይነሣል።

ሌላው የአከራዮች ሥጋት የኪራዩ መጠን በወረቀት ላይ እንዲሰፍር አለመፈለግ ነው። ለአዲሱ አከራይ የሚያስፈልገው ኪራዩ በወቅቱ መከፈሉን ማወቅ እንጂ ስንት ብር እንደነበረ ማወቅ አይደለም። እንዲያውም መጠኑ ባይጻፍ ለተከራዩ ይሻላል፤ አዲሱ አከራይ የቀድሞውን ዋጋ ካወቀ የሚደራደረው ከዚያ ተነሥቶ ነውና።

መብት ነው ወይስ በጎ ፈቃድ?

ሥራ የለቀቀ ሠራተኛ የሥራ ልምድ ማስረጃ የማግኘት መብት አለው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራውን የሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ ያለ ክፍያ እንዲሰጠው ያስገድዳል። ለተከራይ እንዲህ ያለ ድንጋጌ የለም። አከራዩ የሚጽፈው በፈቃዱ ነው፤ ስለዚህ አጠያየቁና ጊዜው ከምንም በላይ ይወስናሉ።

ይሁን እንጂ ሕጉ ለተከራዩ በሌላ መንገድ ያግዘዋል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲፈጸም ይደነግጋል። በክልል ከተሞች የአዋጁ አፈጻጸም በክልሉ ውሳኔ የሚመራ በመሆኑ በየከተማው ምን እንደሚሠራበት ከከተማው አስተዳደር መጠየቅ ተገቢ ነው። አዋጁ የሚሠራበት ቦታም ሆነ ገና ያልተጀመረበት፣ ኪራዩን በባንክ የሚከፍል ሰው የራሱን ምስክር በእጁ ይዞ ይዞራል። አከራዩ ለመጻፍ ፈቃደኛ ባይሆን እንኳ የባንክ ደረሰኙ ወሩንና ቀኑን ይናገርለታል።

መቼ ይጠየቅ?

ምስክርነት ለመጠየቅ ክፉው ቀን የመጨረሻው ቀን ነው። ዕቃ እየተጫነ፣ ስለ ተሰበረው በርና ስለ መብራቱ ሒሳብ ክርክር በተነሣበት ሰዓት "እስቲ አንድ ደብዳቤ ይጻፉልኝ" ማለት ተከራዩን ባለዕዳ፣ አከራዩን ደግሞ አስገዳጅ ያደርገዋል። ከወጡ በኋላ ተመልሶ መጠየቅም ቀላል አይደለም፤ አከራዩ ወደ እርሻ ወርዶ ወይም ወደ ጎንደር ተጉዞ ሊሆን ይችላል፤ ስልክ የማይሠራባቸው ቀናትም አሉ።

የሚሻለው ጥያቄውን በሁለት ከፍሎ ማቅረብ ነው። የመጀመሪያው ቤት ለመልቀቅ በውሉ መሠረት ማስጠንቀቂያ የሚሰጥበት ቀን ነው። ያኔ ደብዳቤ አይጠየቅም፤ ፈቃድ ብቻ ይጠየቃል። "እትዬ፣ በውላችን መሠረት ቤቱን ልለቅ ነው። አዲሱ አከራይ ስለ እኔ ቢጠይቅዎት የሚያውቁትን ይነግሩልኛል?" ማለት ይበቃል። መልሱ ብዙ ያስተምራል። አከራዩ ወዲያው "እንዴታ" ካሉ መንገዱ ቀና ነው። ዝም ካሉ ወይም "እናያለን" ካሉ ግን በልባቸው ያለ ቅሬታ አለ ማለት ነው። በዚህ ጊዜ "ያስቀየምኩዎት ነገር ካለ ንገሩኝና ሳልወጣ ላስተካክል" ብሎ መጠየቅ ይገባል። የቅሬታው ምንጭ ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው፤ ያልተከፈለ የውኃ ድርሻ፣ የተቀደደ ኮርኒስ፣ ሌሊት የሚገባ እንግዳ። ማስጠንቀቂያው ከተሰጠበት እስከ መልቀቂያው ባለው ጊዜ ሊታረም የሚችል ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ቤቱ ታይቶ፣ ሒሳቡ ተዘግቶ፣ ቁልፍ በሚመለስበት ቀን የሚቀርበው የደብዳቤው ጥያቄ ነው። ተከራዩ ረቂቁን አዘጋጅቶ ቢሄድ አከራዩ አንብበው፣ የሚቀነሰውን ቀንሰው፣ ይፈርማሉ። ማንበብ የማይችሉ ከሆነ ልጃቸው ወይም ሌላ የሚያምኑት ሰው ያነብላቸዋል እንጂ ተከራዩ ራሱ አንብቦ ሊያስፈርም አይገባም።

በዚህ ቀን ብዙ ጊዜ የሚያጣላው የመብራት ሒሳብ ነው። በአንድ ግቢ ሁለትና ሦስት ተከራዮች አንድ ቆጣሪ በሚጋሩበት ቤት የመጨረሻው ወር ሒሳብ የሚመጣው ተከራዩ ከወጣ በኋላ ነው። ስለዚህ በመውጫው ቀን የቆጣሪውን ንባብ አብሮ ማየትና መጻፍ፣ ያለፈውን ወር ድርሻ መነሻ አድርጎ ለቀሪው ገንዘብ አስቀምጦ መሄድ፣ ለዚያም የተፈረመበት ወረቀት መቀበል ያስፈልጋል። ይህ ካልተደረገ በኅዳር "ምንም ዕዳ የለበትም" ብለው የፈረሙ አከራይ በታኅሣሥ ሲደወልላቸው "ኧረ የመብራት ሳይከፍል ነው የወጣው" ሊሉ ይችላሉ።

የዘገየ ክፍያ ያለበት ሰውስ?

በምዕራብ ጎንደር ቆላ የብዙ ሰው ገቢ ወቅትን ይከተላል። ሰሊጥ የሚዘራው ክረምቱ ሲገባ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ለአረም ገንዘብ የሚወጣባቸው እንጂ የሚገባባቸው ወራት አይደሉም። አጨዳው ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ በጥቅምት ይፋፋማል፤ ብር የሚታየውም ምርቱ ተወቅቶ ሲሸጥ ነው። በዚህ ምክንያት በክረምት ኪራይ የሚዘገይበት፣ በመኸር አጠቃሎ የሚከፍል ተከራይ ብዙ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ምስክርነት ለመጠየቅ ያፍራል፤ ወይም አከራዩ መዘግየቱን እንዳይጠቅሱ ይለምናል።

ጉዳዩን በምሳሌ እንመልከተው። በመተማ ዮሐንስ ከመስከረም 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ሁለት ክፍል ተከራይቶ የኖረ፣ ራሱም ጥቂት ሄክታር ሰሊጥ የሚያርስ አንድ አባወራ ልጆቹን ገንዳ ውኃ ለማስተማር ከጥር 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ እዚያ መኖር ፈለገ እንበል። ኪራዩ በወር 2,500 ብር ነው። በ2016 ዓ.ም. የሐምሌንና የነሐሴን ኪራይ በጊዜው አልከፈለም፤ 5,000 ብሩን በጥቅምት 2017 ሰሊጡን ሲሸጥ አንድ ላይ ከፈለ። ሌላ ዕዳ የለበትም።

ይህ ሰው በኅዳር መጀመሪያ ለአከራዩ እንደሚለቅ ይነግራቸዋል፤ ስለ እርሱ ለመናገር ፈቃደኛ መሆናቸውንም ይጠይቃል። በታኅሣሥ አጋማሽ ቤቱን አብረው ያያሉ፤ የተነቀለ የመስኮት መዝጊያ ያስጠግናል። ታኅሣሥ 30 ቀን የቆጣሪውን ንባብ ጽፈው፣ የመብራቱን ገንዘብ ተቀብለው፣ ቁልፍ ተረክበው የሚከተለውን ይፈርማሉ፦

"ለሚመለከተው ሁሉ፤

አቶ (ስም) በመተማ ዮሐንስ ከተማ ቀበሌ (…) የቤት ቁጥር (…) በሆነው ቤቴ ከመስከረም 1 ቀን 2014 ዓ.ም. እስከ ታኅሣሥ 30 ቀን 2017 ዓ.ም. ከባለቤታቸውና ከሦስት ልጆቻቸው ጋር ተከራይተው ኖረዋል። ኪራይ ሲከፍሉ የቆዩት በየወሩ ነው። የ2016 ዓ.ም. የሐምሌና የነሐሴ ወር ኪራይ ዘግይቶ፣ አስቀድመው በነገሩኝ መሠረት በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ተጠቃሎ ተከፍሏል። ቤቱን የለቀቁት በራሳቸው ፈቃድ፣ አስቀድመው አሳውቀው ነው። ቤቱንና ቁልፉን በደኅና ሁኔታ ተረክቤአለሁ። የኪራይ፣ የውኃና የመብራት ዕዳ የለባቸውም። ይህ ጽሑፍ የማውቀውን የምመሰክርበት እንጂ ዋስትና አይደለም። ለማጣራት የሚፈልግ በስልክ ቁጥር (…) ሊጠይቀኝ ይችላል።

ስም፣ ፊርማ፣ ቀን"

የሁለቱ ወር መዘግየት በደብዳቤው መጠቀሱ ለምን ይጠቅማል? አዲሱ አከራይ መደወላቸው አይቀርም። ደብዳቤው "አንድም ቀን ዘግይቶ አያውቅም" ብሎ፣ በስልክ ደግሞ "በክረምት ትንሽ ይቸግረው ነበር" የሚል ቃል ከተሰማ የሚጠፋው የሁለት ወር ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የተጻፈው ሁሉ እምነት ያጣል። መዘግየቱ፣ ምክንያቱና መከፈሉ አብረው ሲጻፉ ግን አዲሱ አከራይ የሚያነበው ሌላ ነገር ነው፤ ሲቸገር የሚናገር፣ ምርቱን ሲሸጥ ዕዳውን የሚያስቀድም ተከራይ። ከዚያም አልፎ ተከራዩ ራሱ ውሉ ሲጻፍ የክረምቱን ኪራይ ስለሚከፍልበት ሁኔታ ለመነጋገር በር ይከፍትለታል። ለምሳሌ በጥቅምትና በኅዳር ገንዘብ ሲኖረው የሐምሌና የነሐሴን ኪራይ በስሙ ባንክ አስቀምጦ ሊያቆይ እንደሚችል ማስረዳት ይችላል።

በደብዳቤው የማይገቡ ነገሮችም አሉ። የተከራዩ ሃይማኖት፣ የትውልድ ቦታ፣ ብሔር፣ የጤና ሁኔታ ከኪራይ ጋር ግንኙነት የላቸውም። "ጠባዩ መልካም ነው" የሚለው የተለመደ ሐረግም ብቻውን ብዙ አይረዳም። ሊጣራ የሚችል ነገር ያለው ቀን፣ የቤት ቁጥር፣ የክፍያ ሁኔታና የርክክብ ቃል ውስጥ ነው።

አዲሱ አከራይ እንዴት ያጣራል?

ለአከራዮች ደግሞ ደብዳቤው የማጣራት መነሻ እንጂ መጨረሻ አይደለም። የሐሰት ምስክርነት ለማዘጋጀት አንድ ወረቀትና አንድ ወዳጅ ይበቃል። ቀንና የቤት ቁጥር የሌለበት፣ ምስጋና ብቻ የሞላበት፣ የተሰጠው ስልክም የደላላው ወይም የተከራዩ ዘመድ የሆነ ደብዳቤ ሊያጠራጥር ይገባል።

ሲደወል በደብዳቤው ያለውን እያነበቡ "እንዲህ ነው?" ብሎ መጠየቅ አይጠቅምም፤ መልሱ "አዎ" ብቻ ይሆናልና። ደብዳቤውን ሳያነቡ "በየትኛው ወር ገቡ? ስንት ሆነው ነበር የኖሩት? ቆጣሪው የጋራ ነበር የግል? ለምን ለቀቁ?" ብሎ መጠየቅ ይሻላል። እውነተኛው አከራይ ቀኑን ሊዘነጋ ይችላል፤ ስለ ገዛ ግቢው ቆጣሪ ግን አይሳሳትም። የመጨረሻው ጥያቄ "ተመልሶ ቢመጣ ያከራዩታል?" የሚለው ነው። በዚህ ጥያቄ ላይ የሚታይ ማመንታት ከረጅም ምስጋና የበለጠ ይናገራል።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። አስቸጋሪ ተከራይ ቶሎ እንዲወጣለት የሚፈልግ አከራይ ጥሩ ምስክርነት የመስጠት ፍላጎት አለው። ስለዚህ ከአሁኑ አከራይ ይልቅ ከእርሱ በፊት የነበረው የበለጠ ነጻ ሆኖ ይናገራል። ተከራዩም ከአንድ ቤት በላይ ኖሮ ከሆነ የሁለቱንም ስልክ ቢይዝ ይጠቀማል።

አከራይ ከሌለ ወይም እምቢ ካለ

በመተማ የቀድሞ አከራይ የሌለው ሰው ጥቂት አይደለም። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሣ በኋላ ከካርቱምና ከሌሎች ከተሞች በጋላባት በኩል የተመለሱ ኢትዮጵያውያን አከራያቸው የት እንዳለ ላያውቁ ይችላሉ። በሰሊጥና በጥጥ እርሻዎች የሚሠሩ፣ በአካባቢው ሳሉግ የሚባሉ የጉልበት ሠራተኞችም ለዓመታት በእርሻ ካምፕ ስለኖሩ ቤት ተከራይተው አያውቁም። ለእነዚህ ሰዎች ቅርቡ ምስክር በአንድ ቦታ ሲኖሩ ያያቸው ሰው ነው። ለሠራተኛው በካምፑ ያኖረው ባለእርሻ ወይም የእርሻው ኃላፊ፣ ለተመላሹ በመጣ ጊዜ ያስጠጋው ቤተሰብ ወይም ያለበት እድር ሊመሰክርለት ይችላል። እዚህም መጻፍ ያለበት የሚታወቀው ብቻ ነው፤ ከመቼ እስከ መቼ፣ በምን ሁኔታ እንደኖረ።

አከራዩ ያለ በቂ ምክንያት እምቢ ካለም ተከራዩ ባዶ እጁን አይቀርም። የኪራይ ውሉን፣ የባንክ ደረሰኞቹን በወር ቅደም ተከተል፣ የቆጣሪውን ንባብ ወረቀትና የቀበሌውን መሸኛ በአንድ ላይ ማቅረብ ይችላል። በአንድ ግቢ አብሮ የኖረ ጎረቤትም በስልክ ይመሰክርለታል። አዲሱ አከራይ "ለምን እርሳቸው አልጻፉልህም?" ብለው ሲጠይቁ የቀድሞውን አከራይ ማማት አይገባም፤ "በዚህ ጉዳይ አልተስማማንም፤ የከፈልኩበት ይኸው" ብሎ ወረቀቱን ማሳየት ይበቃል። ሌላውን አከራይ ሲያማ የተሰማ ተከራይ ነገ እርሳቸውንም እንደሚያማ ይገምታሉና።

የተፈረመው ደብዳቤ ዋናው ለአዲሱ አከራይ አይሰጥም። ኮፒው ይሰጣል፤ ዋናው ከውሉና ከደረሰኞቹ ጋር ይቀመጣል። የሚቀጥለውን ቤት ሲጠይቁ ይኸው ወረቀት እንደገና ያስፈልጋል።